ለዚህ ኮሜንት የጻፍኩትን መልስ ሳልለጥፈው እዩልኝ

ጥልፍ በፍቅር · ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ትንሽ የሀበሻ ልብስ ቤት አለኝ። ዛሬ ቀን ላይ ፌስቡክ ገጻችን ላይ፣ ያውም ብዙ ሰው ባየው የሙሽራ ቀሚስ ፎቶ ሥር፣ አንዲት ደንበኛ ቀለም የወረደበትን ቀሚስ ፎቶ አያይዛ ይቺን ጻፈች። ስሟን ትቼዋለሁ።

«ለእህቴ ሰርግ ብዬ 14 ሺህ ብር ከፍዬ የገዛሁት ቀሚስ አንዴ ታጥቦ የጥበቡ ቀይ ነጩ ላይ ወረደ። ደውዬ ደውዬ የሚያነሳ የለም። ፎቶው ላይ ያምራል፣ እጃችሁ ሲገባ ጨርቅ ነው። እንዳትሸወዱ።»

ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። መልሱን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ልለጥፈው ስል ባለቤቴ «ቆይ፣ መጀመሪያ ለሰው አሳዪው» አለኝ። ይኸው፦

«ውድ ደንበኛችን፣ በቅድሚያ ድርጅታችን ላለፉት 6 ዓመታት ብዙ ሙሽሮችን ያለበሰ ሲሆን እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ቀርቦብን አያውቅም። ቀሚሱን ሲወስዱ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ እንዲታጠብ ነግረንዎታል። ከፎቶው እንደሚታየው ግን በማሽን ነው ያጠቡት። ስልክ አይነሳም ያሉት ሐሰት ነው፣ እሁድ ደውለው ከሆነ ዝግ ነን። ሌላው 14 ሺህ ከፈልኩ ያሉት ትክክል አይደለም፣ ቀሪውን 2 ሺህ ብር እስካሁን አልከፈሉም። የሰው ስም ከማጥፋትዎ በፊት ቀርበው ቢያነጋግሩን ጥሩ ነበር። የሆነ ሆኖ ቅር ከተሰኙ ይቅርታ እንጠይቃለን። እናመሰግናለን።»

እኔ ጨዋ ነው ብያለሁ። እርስዎ ብያታለሁ፣ ይቅርታም አለበት። ትንሽ ረዘመ እንጂ። እስቲ አሳጥሩልኝ።

ጎራዴው · 2፡16

ምን መልስ ያስፈልጋል? ኮሜንቱን አጥፊው፣ ሴትዮዋን ብሎክ አድርጊያት፣ ሻይሽን ጠጪ። ገጹ የማነው? ያንቺ።

ሲልቨር ስፕሪንግ · 2፡31

ጎራዴው፣ ያልከውን አንድ ጓደኛዬ ሞክሮት ነበር። ሰዎቹ ስክሪንሾት ይዘው ስለነበር በማግስቱ «ኮሜንት የሚያጠፉት እነማን ናቸው» ተብሎ ለብቻው ፖስት ሆነ። መደበቅም ብዙ አይረዳም። ፌስቡክ ላይ የተደበቀ ኮሜንት ለጻፈችውና ለጓደኞቿ ይታያል። የአንድ ሰፈር ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ጓደኞቿ ማለት የነገ ደንበኞችሽ ናቸው።

እኔ ሜሪላንድ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ ጉግል ላይ «ክትፎ አዝዘን አንድ ሰዓት ጠበቅን» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው መዋሸቱ አናደደኝና ካሜራውን ከፍቼ ደቂቃ ቆጠርኩ። ከዚያ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «ካሜራችንን አይተናል፣ የጠበቁት 35 ደቂቃ ብቻ ነው።» ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ለክትፎ 35 ደቂቃ! ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያንን እያነበበ «ካሜራው አሁንም ይሠራል?» እያለ ይስቅብኛል። የሱን ጽሑፍ እኔ ማጥፋት አልችልም፣ የራሴን መልስ ግን ማስተካከል እንደሚቻል ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ያንቺ መልስ ውስጥ ያለችው 2 ሺህ ብር ያቺ የኔዋ 35 ደቂቃ ናት።

እትዬ ፈትል · 2፡38

ልጄ፣ ቀዩ ነጩ ላይ ከወረደ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው በይልኝ። ካውያ ጭራሽ እንዳይነካው። ከደረቀና ከተተኮሰ በኋላ አይለቅም። እርጥብ እንዳለ ቶሎ ብሎ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ውሃውን እየቀያየሩ ነው። ኮምጣጤና ጨው የሚሉ አሉ፣ እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ያየሁት ለውጥ የለም። ለመሆኑ ቀሚሱ አሁን ደርቋል ወይስ እርጥብ ነው?

ጎራዴው · 2፡40

እትዬ ስለ አጠባው አይደለም የተጠየቀው 😂 ስለ መልሱ ነው።

እትዬ ፈትል · 2፡44

አውቃለሁ። ቀሚሱ ከተስተካከለ መልሱ ምን ያደርጋል?

ሃሎ ማነው · 2፡52

አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ቅሬታ ተቀብያለሁ። መጀመሪያ በስልክ ነበር፣ ኋላ ላይ ደግሞ የገጹን ኮሜንት። እስቲ ልሞክረው።

ጥልፍ በፍቅር፣ ከማሳጠርሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። ከጻፈችው ውስጥ እርግጠኛ ሆነሽ የምታውቂው የቱን ነው፣ የማታውቂውስ? መልስሽ ይህንን ስላልለየ ነው የረዘመው። ሁሉንም እኩል ነው የተከራከርሽው።

እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። ቀለሙ ወርዷል፣ ስልክ አልተነሳም፣ «ጨርቅ ነው፣ እንዳትሸወዱ»። ሦስተኛው ንዴት ነው። መልስ የለውም፣ እለፊው። እሱን የነካሽ ቀን ጠቡ ይጀመራል። ስለ ቀለሙ ደግሞ ቀሚሱን አላየሽውም። በማሽን ይታጠብ በእጅ ከፎቶ አይታወቅም፣ አንቺም ብትሆኚ የገመትሽው ነው። ስለ ስልኩ ግን ማወቅ ትችያለሽ። የሱቁን ስልክ አምጪና እዪው። እሁድ ነው ያልሽው አይተሽ ነው ወይስ እንዲያው ነው?

ጥልፍ በፍቅር · 3፡05

እንዲያው ነው።

ቆይ ላምጣው። የሱቁ ስልክ የአክስቴ ልጅ ጋ ነው።

አራሚው · 3፡09

ስልኩ እስኪመጣ ስለ ቃላቱ ልናገር፣ ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ስለሆነ እጄን ይበላኛል።

«ውድ ደንበኛችን» የባንክ መልእክት ነው። ያንን ያየ ሰው የሚቀጥለውን አያነብም። «ድርጅታችን… ያለበሰ ሲሆን» ደግሞ የምሽት 2 ሰዓት ዜና ነው። ሦስት ሴቶች ስፌት የሚሠሩበት ቤት ድርጅታችን ሲል ሰው ራቅ ብሎ ይሰማዋል። «ቅሬታ ቀርቦብን አያውቅም» ማለት በዘወርዋራ «ውሸታም ነሽ» ነው። እንዲህ ነው የሚነበበው።

የይቅርታው ነገር ደግሞ ይብሳል። «የሆነ ሆኖ ቅር ከተሰኙ»። «ከ» ያለችበት ይቅርታ ይቅርታ አይደለም። ሴትዮዋ ቅር መሰኘቷን ለሕዝብ ጽፋለች፣ አንቺ «ከተሰኙ» ትያለሽ። «የሆነ ሆኖ» ብለሽ ስትጀምሪ ደግሞ «እንግዲህ አፍሽን ላዘጋው» ያልሽ ይመስላል።

«ግን»ንም ፈልጊያት። አንዲት ብቻ ናት ያለችው፣ ያለችው ግን ከ«ነግረንዎታል» ቀጥላ «በማሽን ነው ያጠቡት» ከሚለው ጋር ነው። እሳቱ እዚያ ነው።

በሕግ አምላክ · 3፡14

ከሁላችሁም የምለየው አንድ ነገር አለ። ይቅርታ የሚባለውን ነገር ጭራሽ አውጪው። ይቅርታ ማለት ጥፋትን ማመን ነው፣ ነገ ፍርድ ቤት ብትሄድ የጻፍሽውን አትማ ይዛ ትመጣለች። ሕግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምክንያቱን ሳታዪ ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አትጻፊ፣ ያንቺ ጥፋት ነው አትበይ፣ የሷ ነው አትበይ።

ሃሎ ማነው · 3፡20

በሕግ አምላክ፣ ሁለተኛው ልክ ነው፣ ሙሉ በሙሉ። ስለ ቀለሙ ምክንያት አትጻፍ። የመጀመሪያው ግን ሰውን ያጣላል። ይቅርታ የሚጠየቀው በምታውቀው ነገር ላይ ነው። ስልክ ካላነሳህ ስልክ ስላላነሳህ ይቅርታ ትላለህ፣ ለዚያ ማንም ፍርድ ቤት አይወስድህም። ስለ ቀለሙ «አይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ» ትላለህ። ይሄ ካለ በኋላ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ጥልፍ በፍቅር · 3፡27

ስልኩ መጣ።

ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ደውላለች። 5፡12፣ 5፡40፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 9 ሰዓት። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ገበያ ስለሚበዛ ድምፁን አጥፍታው ነበር። እኔ ነኝ እሁድ ብዬ ሐሰት ነው ያልኩት። ፊቴ ነደደ።

እሺ ስልኩ የኛ ጥፋት ነው። ሌላስ? በጣም ስለከፋኝ ይቺን ሞከርኩ፦

«ውዷ እህታችን፣ እጅግ በጣም ከልብ የመነጨ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በመፈጠሩ እጅግ አዝነናል፣ ተሸማቀናል፣ እባክሽ ይቅር በይን፣ ዳግመኛ እንደማይፈጠር ቃል እንገባለን፣ የፈለግሽውን ሁሉ እናደርጋለን።»

ጎራዴው · 3፡30

አሁንማ እግሯ ላይ ወደቅሽ። ቅድም በዱላ፣ አሁን በእንብርክክ።

ሃሎ ማነው · 3፡36

ጎራዴው ዛሬ መጀመሪያ ጊዜ ልክ ነህ።

እንዲህ ስትለማመጪ የሚያነበው ሰው «ምን ያህል ቢያጠፉ ነው» ይላል። «የፈለግሽውን ሁሉ እናደርጋለን» የሚለው ደግሞ ነገ ዕዳ ሆኖ ይመጣብሻል። አዲስ ቀሚስ፣ ሙሉ ገንዘብና የትራንስፖርት ብትልሽስ? «ዳግመኛ አይፈጠርም» ለማለት ደግሞ ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ አለብሽ፣ አታውቂም።

ለማን እንደምትጽፊ አስቢ። ለሷ በስልክ ትነግሪያታለሽ። እዚህ የምትጽፊው ቀሚስ ሊያዙ ገጹን እያዩ ላሉት ነው፣ ምንም ለማይጽፉት። እነሱ ማን ትክክል እንደሆነ አያጣሩም። የሚያዩት ችግር ሲመጣ ምን ዓይነት ሴት እንደሆንሽ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ · 3፡41

ታዲያ እዚያው «ገንዘብሽን እንመልሳለን» ብትልስ? ለሚያዩት ሰዎች ከዚህ በላይ ምን አለ? እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ሂሳብ እሰርዛለሁ፣ አለቀ።

ሃሎ ማነው · 3፡45

የክትፎ ሂሳብና የ14 ሺህ ብር ቀሚስ አንድ አይደለም። በአደባባይ ገንዘብ እመልሳለሁ ካለች በሚቀጥለው ሳምንት ቀሚስ የሚታጠበው ሁሉ ኮሜንት ይጽፋል። ገንዘብ በስልክ።

ሲልቨር ስፕሪንግ · 3፡47

አልስማማም። የሚያጭበረብር ሰው በስልክም ያጭበረብራል።

ጥልፍ በፍቅር · 3፡50

እሺ ያቺ 2 ሺህስ? እውነት እኮ ነው፣ 12 ሺህ ነው የከፈለችው። 14 ሺህ ከፈልኩ ስትል ዝም ልበል?

አራሚው · 3፡55

ዝም በይ። ዕዳዋን በሕዝብ ፊት ስታወሪ ሂሳብ ያረምሽ ይመስልሻል፣ የሚነበበው ግን «ከዚህ ቤት ዕቃ ብትገዛ ጓዳህን ያወጡብሃል» ተብሎ ነው። ሰርግ የደገሰ ሰው ሁሉ ቀሪ ሂሳብ አለበት እኮ። እኔ ራሴ ጋቢ በሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት።

ጎራዴው · 3፡57

እና ብሯን ትተወው?

ሃሎ ማነው · 4፡00

ማን ተወው አለ? የሂሳቡ ወረቀት እጅሽ ላይ አለ። ይቅርታ የጠየቅሽበት ስልክ ላይ አታንሺው ብቻ። ቀሚሱ ታይቶ፣ ማን ምን እንደሚከፍል ሲወሰን ያኔ ይነሳል።

አራሚው · 4፡04

አሁን ለመጻፍ ደርሰናል። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ እርስዎ ወይስ አንቺ? ጥልፍ በፍቅር፣ ስትሸጪላት በኢንቦክስ ምን ነበር የምትያት?

ጥልፍ በፍቅር · 4፡06

አንቺ። እንደውም «የኔ ቆንጆ» ነው ያልኳት 🙈 የወገቧን ልክ ስንለዋወጥ ተግባብተን ነበር።

አራሚው · 4፡12

አየሽ? ስትሸጪ «የኔ ቆንጆ»፣ ስትወቀሺ «እርስዎ»። ይሄ አክብሮት ሳይሆን ኩርፊያ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ «እርስዎ» እንደሚባባሉት ማለት ነው። በሰው ፊት «አንቺ» ብትያት ደግሞ የማያውቅ ሰው የናቅሻት ሊመስለው ይችላል።

እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ሁለቱንም እተዋለሁ። ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ራስሽና ስለ ቀሚሱ ጻፊ። «ደውለው አላነሳንም» ከማለት «የተደወለውን አላነሳንም»። «እደውልልሻለሁ» ወይም «እደውልልዎታለሁ» ከማለት «እደውላለሁ»። አማርኛ እዚህ ላይ ይመቻል፣ ብልሃቱ ሳይታወቅ ያልፋል። ደግሞም ስለ እሷ የሚናገር ግስ ሲጠፋ የሚወቅሰው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። «ነግረንዎታል»፣ «አጠቡት»፣ «አልከፈሉም»፣ «ከማጥፋትዎ»፣ ሁሉም ሲወጣ መልስሽ ምን እንደቀረው እዪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ · 4፡15

እንግሊዝኛ ስጽፍ ይሄ ጣጣ የለብኝም 😅

ሃሎ ማነው · 4፡21

እኔ ይቺን አወጣሁ፦

«ሰላም። ለሰርግ የተገዛ ቀሚስ እንዲህ ሲሆን ያናድዳል። ቅዳሜ የተደወለውን አላነሳንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ። ቀለሙ ለምን እንደወረደ ቀሚሱን ሳናይ መናገር አንችልም። ችግሩን ለመፍታት በኢንቦክስ ያነጋግሩን።»

አራሚው · 4፡25

እስከ ይቅርታ ድረስ ጥሩ። «ሳናይ መናገር አንችልም» ልክ ነው፣ ግን በር ሲዘጋ ይሰማል። «ቀሚሱን አይቼ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ እፈልጋለሁ» ብትልስ? ትርጉሙ ያው ነው፣ ይቺኛዋ ግን በሩን ክፍት ትተዋለች።

«በኢንቦክስ ያነጋግሩን» ደግሞ «እርስዎ»ን መልሶ አመጣው። ከዚያም በላይ ሦስት ጊዜ ደውላ ያልተነሳላትን ሰው አሁንም አንቺው ፈልጊን ማለት ነው።

ሃሎ ማነው · 4፡28

እውነትህን ነው፣ የድሮ ሥራዬ ነው ያስወራኝ። እዚያ ቤት ሁሉም መልስ በ«ኢንቦክስ ያድርጉልን» ነበር የሚያልቀው፣ ኢንቦክሱን ደግሞ የሚያየው ሰው አልነበረም። የሱቁን ስልክ ስለያዘች ጥልፍ በፍቅር ራሷ ትደውል። ሰዓቱን ትጻፍ። «በቅርቡ» አይሆንም፣ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት» ነው የሚባለው።

ጥልፍ በፍቅር · 4፡33

«ሰላም። ለሰርግ የተገዛ ቀሚስ እንዲህ ሲሆን ያናድዳል። ቅዳሜ የተደወለውን አላነሳንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ። ቀሚሱን አይቼ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እኔው ራሴ እደውላለሁ።»

ቆጠርኩት፣ 28 ቃል ነው። የመጀመሪያው 70 አካባቢ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር? ባዶ እጄን የቀረሁ መሰለኝ። ስለ አጠባው ነግሬያታለሁ እኮ። ማንም ያንን ሳያውቅ ሊቀር ነው።

በሕግ አምላክ · 4፡36

«ጥፋቱ የእኛ ነው» የሚለውን አውጪው፣ «አላነሳንም፣ ይቅርታ» ይበቃል። ተነጥሎ ተቆርጦ ቢለጠፍ ስለ ቀሚሱ ያመንሽ ነው የሚመስለው።

አራሚው · 4፡38

ከስልኩ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለው፣ በአራት ነጥብ አልተለየ። ይቆይ። ያለሱ ይቅርታው እንደ ሰላምታ ይቀላል።

በሕግ አምላክ · 4፡39

እኔ ብሆን አወጣው ነበር። ተናግሬያለሁ።

እትዬ ፈትል · 4፡41

ልጄ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ያቺ ቀይ ድር ከዚያው ከድሮ ነጋዴሽ ናት? ከተረፈው ላይ ትንሽ ካለሽ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ፈተግ ፈተግ አድርጊበት። እናቴ ጥበቡ ሳይገባ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ጨርቁ ላይ ቀለም ከያዘ ያ ድር ነጭ ላይ አይሠራም።

ጎራዴው · 4፡43

እትዬ እንደገና ወደ አጠባው 😂

ጥልፍ በፍቅር · 4፡58

እትዬ ፈትል።

ነጋዴው አዲስ ነው። የድሮው ቀይ ስላለቀበት ካጠገቡ ካለው ነው የገዛሁት። ተራፊው ድር ቤት ነበረ። የልጄን ነጭ መሐረብ አርጥቤ ፈተግኩት። ሮዝ ሆነ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ያለ ሳሙና።

«ከፎቶው እንደሚታየው በማሽን ነው ያጠቡት» ብዬ ልለጥፍ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ · 5፡01

ካሜራውን አይተሻል ማለት ነው 😶

በሕግ አምላክ · 5፡04

አሁንም ቢሆን መልሱ ውስጥ አታስገቢው። አንድ መሐረብ ነው። እሷም በሙቅ ውሃ አጥባው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ሃሎ ማነው · 5፡06

አዎ፣ አታስገቢው፣ ነገ በስልክ ንገሪያት። በነገራችን ላይ ያንን ድር ያስገባሽባቸው ሌሎች ቀሚሶች ስንት ናቸው?

ጥልፍ በፍቅር · 5፡08

አራት። ሁለቱ ገና አልተወሰዱም።

ጎራዴው · 5፡11

መልሱን አሁን ትለጥፊው ወይስ ታድሪ? እኔ እደሪ ነው የምለው፣ በዚህ ሰዓት የተጻፈ ነገር ጠዋት አያምርም።

ሃሎ ማነው · 5፡13

ያኛው የ70 ቃሉ ቢሆን አድሪበት እል ነበር። ይሄኛው ላይ ግን የሚያስጸጽት ነገር የለም። ደግሞ ከለጠፍሽ በኋላ አትነካኪው። ፌስቡክ ስታርሚው ታርሟል ብሎ ይጽፋል፣ የፊተኛውንም ያሳያል። በመቀጠል ሌላ ሰው «እኔም እንዲሁ ሆኛለሁ» ቢል እዚያው ረጅም ወሬ አትክፈቺ፣ ለሱም አጭር መልስ፣ ሰዓት፣ ስልክ።

ጥልፍ በፍቅር · 5፡15

ለጠፍኩት።

ጥልፍ በፍቅር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ እንደሚከተለው ሆነ። ሌሊት ላይ ሥሩ «እሺ እጠብቃለሁ» ብላ ጽፋ ነበር። 3 ሰዓት ላይ ደወልኩ። መጀመሪያ ላይ ጮኸችብኝ፣ ዝም ብዬ ሰማኋት። ከዚያ ስለ ድሩ ነገርኳት፣ መሐረቡን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ዝም አለች። «እኔም ለብ ባለ ውሃ ነው ያጠብኩት» አለች ራሷ፣ ሳልጠይቃት። ቀሚሱን ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሹፌር እናስመጣለን፣ ጥበቡን አውጥተን በሌላ እንቀይራለን፣ ነጩ ላይ ያለው ቀለም ከለቀቀ። ካልለቀቀ እንነጋገራለን ተባባልን። ስለ 2 ሺህዋ አላነሳሁም።

ኮሜንቱን አላጠፋችውም። «እንዳትሸወዱ» እዚያው እንዳለ ነው። «አጥፊልኝ» ልበላት?

ሃሎ ማነው · 4፡31

አትበያት። ቀሚሱ ተመልሶ ሲደርሳት ራሷ ትጽፍበት ይሆናል፣ ላትጽፍም ትችላለች። አጥፊልኝ ካልሻት ግን ጥበቡን የቀየርሽው ለዚያ ብለሽ ይመስላታል።

ጎራዴው · 4፡33

እኔ ብሆን እጠይቃት ነበር። ሥራው ተሠርቶላት እንዴት ስድቡ ይቀራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ · 4፡40

እኔ ሰውየውን አንድ ቀን ጠይቄው ነበር፣ አጥፋልኝ ብዬ። አላጠፋውም፣ ጨመረበት እንጂ። «አጥፋልኝ ብለውኛል» ብሎ።

እትዬ ፈትል · 4፡52

ቀሚሱ ሲመጣ መጀመሪያ ጥበቡን ፍቺው፣ ከዚያ ነው የሚታጠበው። እንዳለ ካጠብሽው እንደገና ይወርድብሻል። ደርቋል ወይስ እርጥብ ነው ብዬ ማታ የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰልኝም።

ጥልፍ በፍቅር · 4፡55

ደርቋል እትዬ። ተተኩሷልም።